ነጥብም ዋጋ አለው፦ ዕቃን በትንሹ ዋጋ ሳይሆን በመስፈርት ስለመግዛት



ባለፈው ረመዷን ሱሉልታ በሚገኝ አንድ መስጂድ ተራዊሕ እየተሰገደ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ተነሳ፤ አምፖሎቹ በሩ፤ ማይኩም ሠራ። ጥቂት ቆይቶ ለውዱእ የሚሆነውን ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ሲበራ ግን ጀነሬተሩ አቃስቶ ቀጥ አለ። እንደገና አስነሳነው፤ እንደገና ቆመ። ሌሊቱን በባትሪ መብራት አሳለፍን፤ ከዚያ በኋላም ውሃው በጀሪካን ሲመላለስ ሰነበተ።

ያንን ጀነሬተር በገዛው ኮሚቴ ውስጥ ከማኅበራችን ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ነበርን። አገዛዛችን ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን፣ ከሦስቱ ትንሹን ቁጥር መረጥን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ ፈረምን። የሻጩን ስም አናነሳም፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የእኛ ነው። እኛ የጠየቅነው «7.5 ኬቪኤ ጀነሬተር» ብቻ ነበር፤ እሱም የሰጠን ይህንኑ ነው።

ኮሚቴው ዘንድሮ እንደገና ሲገዛ በሌላ መንገድ ሄድን። ዋጋን ከሌሎች መስፈርቶች ጋር በነጥብ መዝነን መረጥን። እዚህ የምንጽፈው ያን ስሌት ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ መስጂዶችና መድረሳዎች በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የምታገለግሉ ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብለን ነው። የተጫራቾችን ስም ትተናል፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል።

መጀመሪያ ግን ጀነሬተሩ ለምን ቆመ?

ሱሉልታ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ያጣል ብለው ባለሙያዎች በግርድፉ ይቆጥራሉ። በዚህ ሒሳብ ሱሉልታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ 7.5 ኬቪኤ የተባለው ጀነሬተር በተግባር የሚሰጠው 5.6 ገደማ ነበር። የእኛ ፓምፕ ደግሞ 1.5 ኪሎ ዋት ነው። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ጀነሬተር ለፓምፕ ሲመረጥ የፓምፑን ኪሎ ዋት በሦስት አባዝቶ መያዝ የተለመደ ነው። ይህ 4.5 ይሆናል። አምፖሎቹና ማይኩ 2 ያህል ሲጨመሩበት 6.5 ይደርሳል። 5.6 የሚሰጥ ማሽን 6.5 ሲጠየቅ ይቆማል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚህ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ሁሉም መስፈርት ነጥብ እንደማይሰጠው ነው። አንዳንዱ በር ነው፤ ያለፈ ይገባል፣ ያላለፈ ይቀራል። ፓምፑን ማስነሳት የማይችል ጀነሬተር በርካሽነቱም ሆነ በረጅም ዋስትናው ነጥብ ሰብስቦ ማሸነፍ የለበትም። ስለዚህ በአዲሱ የጨረታ ሰነድ ላይ የጀነሬተሩን የስም ቁጥር አልጻፍንም። የጻፍነው «በሱሉልታ ከፍታ፣ ያለማቋረጥ፣ ቢያንስ 7 ኬቪኤ የሚሰጥ፤ ለዚህም የአምራቹ የከፍታ ቅናሽ ሰንጠረዥ የሚቀርብ» የሚል ነው። «ያለማቋረጥ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት፤ በብዙ ርካሽ ጀነሬተሮች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል ነውና። ንግድ ፈቃድንና ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትናንም እንደ በር አደረግናቸው።

ሁለተኛው ነገር፦ በብር ሊቆጠር የሚችለውን ነገር ነጥብ አትስጡት፤ ከዋጋው ጋር ደምሩት። የጀነሬተር ዋጋ በሱቁ ደረሰኝ አያበቃም፤ ናፍጣውም ዋጋ ነው። አንዳንድ ኮሚቴዎች «ለነዳጅ ቁጠባ 15 ነጥብ» ይላሉ፤ ነገር ግን 15 ነጥብ ስንት ብር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛ ጀነሬተሩ በዓመት 300 ሰዓት እንደሚሠራ ገመትን፤ በ3 ዓመት 900 ሰዓት ማለት ነው። የናፍጣውን ሊትር በ120 ብር አሰብን። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫራች በአምራቹ ወረቀት ላይ በሰዓት የሚፈጀውን ሊትር እንዲያቀርብ ጠየቅን። የገዢው ዋጋና የ3 ዓመቱ ናፍጣ ተደምረው «ጠቅላላ ወጪ» ይሆናሉ፤ የሚወዳደረውም ይህ ነው። ይህ አሠራር በሰነዱ ላይ ከነሰዓቱና ከነሊትር ዋጋው ተጽፏል።

በብር ለመቁጠር የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች ቀሩን። አንዱ ብልሽት ሲደርስ ባለሙያው በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ነው። ሁለተኛው ዋስትናው ከ1 ዓመት በላይ መሆን አለመሆኑ ነው። ነጥብ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ለእያንዳንዱ መስፈርት ስንት ነጥብ ይሰጠው? ኮሚቴው መጀመሪያ ያቀረበው ለወጪ 60፣ ለአገልግሎት 25፣ ለዋስትና 15 ነበር። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል፤ ዋጋው ከግማሽ በላይ ይዟል፣ ጥራትም አልተረሳም። ግን ነጥብ በራሱ ምንም አይናገርም። አንድ ነጥብ ስንት ብር እንደሆነ እስካላወቅን ድረስ ምን እንደወሰንን አናውቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የወጪ ነጥብ በተለምዶ የሚሰላው ትንሹን ወጪ ለተጫራቹ ወጪ በማካፈልና በክብደቱ በማባዛት ነው፦

ነጥብ = ክብደት × (ትንሹ ወጪ ÷ የተጫራቹ ወጪ)

ትንሹ ጠቅላላ ወጪ 600,000 ብር ይሆናል እንበል። በመጀመሪያው ሐሳብ አገልግሎት በሦስት ደረጃ 5፣ 15 ወይም 25 ነጥብ ነበረው። «በ3 ቀን እደርሳለሁ» የሚለው 15፣ «በ24 ሰዓት እደርሳለሁ» የሚለው 25 ያገኛል። ልዩነቱ 10 ነጥብ ነው። ከ60ው የወጪ ነጥብ ላይ 10 ለማጣት አንድ ተጫራች ምን ያህል መወደድ አለበት? 60 × (600,000 ÷ 720,000) = 50 ነው። ስለዚህ ተጫራቹ በ120,000 ብር ቢወደድ እንኳ በ24 ሰዓት መድረሱ ብቻ ልዩነቱን ይሸፍንለታል።

ይህን ለኮሚቴው አባላት በብር ስንነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ አንድ አባት «ልጆቼ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ለሚመጣ መካኒክ የሰው ሰደቃ 120 ሺህ ብር አልከፍልም» አሉ። ታዲያ ስንት ይከፍላሉ ብለን ጠየቅናቸው። በእነዚያ ቀናት ጀነሬተር መከራየትንና ውሃ በቦቴ ማስመጣትን፣ ይህም በ3 ዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ቆጥረው ኮሚቴው 40,000 ብር ላይ ተስማማ። የዋስትናውን ሁለተኛ ዓመት ደግሞ 30,000 ያህል ያወጣል አሉት።

ከዚህ በኋላ ክብደቱን ወደ ኋላ ቆጥረን አገኘነው። ለወጪ 80፣ ለአገልግሎት 12፣ ለዋስትና 8 አደረግን። የአገልግሎት ደረጃዎቹ 2፣ 7 እና 12 ሆኑ። አሁን በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው 5 ነጥብ ነው፤ 80 × (600,000 ÷ 640,000) = 75 ስለሚሆን 5 ነጥብ ልክ 40,000 ብር ነው። ዋስትና ለ1 ዓመት 4፣ ለ2 ዓመት 8 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ይህም 4 ነጥብ ወደ 32,000 ብር ይጠጋል። እንግዲህ ክብደት ማለት ይህ ነው፦ ለዚያ ነገር ስንት ብር ጨምረን ለመክፈል ፈቃደኞች እንደሆንን አስቀድመን የምንሰጠው ቃል ነው።

ሰነዱ በዚህ መልክ ወጣ፤ አራት ተጫራቾች መጡ። ዋጋውን በአንድ ፖስታ፣ የአገልግሎቱንና የማሽኑን ወረቀት በሌላ ፖስታ አስገቡ። የዋጋው ፖስታ ታሽጎ ቆየ። ሦስት ሰዎች የአገልግሎቱንና የዋስትናውን ነጥብ ለየብቻቸው ሰጡ፤ ከዚያ አስተያዩ። ይህ ያስፈለገው ዋጋውን አስቀድሞ ያየ ሰው ሳያውቀውም ቢሆን ለርካሹ ስለሚያዳላ፣ ወይም ውዱን «ጥሩ ቢሆን ነው» ብሎ ስለሚገምት ነው።

አራተኛው ተጫራች ከአዲስ አበባ የመጣ ሲሆን፣ በኋላ እንዳየነው 260,000 ብር ጠይቆ ከሁሉም ርካሹ ነበር። ማሽኑ ግን የስሙ 8 ኬቪኤ ነው፤ በሱሉልታ ከፍታ 6 ይሆናል። በሩን ስላላለፈ ቀረ። ባለፈው ዓመት ቢሆን የምንገዛው እሱን ነበር።

የቀሩት ሦስቱ እነሆ፦

የሰበታው፦ ዋጋ 320,000፤ በሰዓት 2.6 ሊትር፤ የ3 ዓመት ናፍጣ 280,800፤ ጠቅላላ 600,800 ብር። ለአገልግሎት የሰጠው የመካኒክ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ዋስትና 1 ዓመት።

የቡራዩው፦ ዋጋ 380,000፤ በሰዓት 2.1 ሊትር፤ ናፍጣ 226,800፤ ጠቅላላ 606,800 ብር። የራሱ መካኒክ አለው፤ በ3 ቀን ይደርሳል። ዋስትና 2 ዓመት።

የሱሉልታው፦ ዋጋ 410,000፤ በሰዓት 2.2 ሊትር፤ ናፍጣ 237,600፤ ጠቅላላ 647,600 ብር። ፊልትሮና ሌሎች መለዋወጫዎችን በመጋዘኑ አሳይቶናል፤ በ24 ሰዓት ይደርሳል። ዋስትና 1 ዓመት።

በፕሮፎርማ ላይ በሰበታውና በቡራዩው መካከል 60,000 ብር ልዩነት አለ። ናፍጣው ሲደመር ልዩነቱ ወደ 6,000 ወረደ። ሌላ ምንም ሳንሠራ ይህ ብቻ ብዙ ያሳያል።

ነጥቡ ሲሰላ የሰበታው 80 + 2 + 4 = 86 አገኘ። የቡራዩው 79.2 + 7 + 8 = 94.2፣ የሱሉልታው ደግሞ 74.2 + 12 + 4 = 90.2 ሆነ። ቡራዩ አሸነፈ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለሱሉልታው ሻጭ ቅርበቱ ነጥብ አላስገኘለትም። ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ለመምጣት አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የምንፈልገው ባለሙያው በጊዜ መድረሱን እንጂ የሱቁን አድራሻ አይደለም። «የከተማችን ነጋዴ» የሚል መስፈርት ከገባ ነጥቡ ለዝምድና በር ይከፍታል። ስለዚህ ነጥቡን የሰጠነው በጽሑፍ ለተፈረመ የመድረሻ ሰዓት ነው፤ ሰበታም ሆነ ቡራዩ ያለ ሻጭ ይህን መፈረም ይችላል።

አሁን ደግሞ የዚህን ዘዴ ትልቁን አደጋ እንይ። ፖስታዎቹ ከተከፈቱ በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ «ወንድሞች፣ ጥራት ይቅደም፤ ወጪውን 50፣ አገልግሎቱን 35፣ ዋስትናውን 15 እናድርገው» ቢል ማን ይቃወመዋል? ንግግሩ ያማረ ነው። በዚያ ክብደት ደረጃዎቹን በመጀመሪያው ሐሳብ መጠን ብናሰላ የቡራዩው 49.5 + 21 + 15 = 85.5 ያገኛል፤ የሱሉልታው ግን 46.4 + 35 + 8 = 89.4። አሸናፊው ተለወጠ። ከተጫራቾቹ አንዳችም ነገር አልተቀየረም፤ የተቀየረው ክብደቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ካየ በኋላ ክብደቱን የሚወስን ሰው አሸናፊውን ራሱ መርጧል ማለት ነው። በትንሹ ዋጋ መግዛት ሞኝነት ቢኖረውም እንዲህ ለማጭበርበር አይመችም፤ ነጥብ ግን ይመቻል።

የአገራችን ሕግ ይህን ያውቀዋል። የፌዴራሉ የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሁለቱንም መንገዶች አስቀምጦ ነበር፦ የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ትንሹን ዋጋ መምረጥ፣ ወይም በሰነዱ በተገለጹ መመዘኛዎች የተሻለ ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ ያለውን መምረጥ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ያልተገለጸ መመዘኛ ለግምገማ እንዳይውልም ይከለክል ነበር። ይህ አዋጅ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞቻችን ግዥያቸውን የሚፈጽሙት በኦሮሚያ ክልል ደንብ ነው፤ የመስጂድ ኮሚቴ ደግሞ ለመንግሥት የወጣ የግዥ ሕግ አያስገድደውም። ቢሆንም ሰነዱ ከወጣ በኋላ መስፈርትም ክብደትም አለመንካት ማንም ሊዋሰው የሚገባ ደንብ ነው።

ሌላው ስሕተት ነጥቡን ለቃል መስጠት ነው። «በ3 ቀን እደርሳለሁ» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ 7 ነጥብ ግን ያስገኛል። ስለዚህ ነጥብ የተሰጠበት ነገር ሁሉ ውሉ ውስጥ ከነቅጣቱ ይግባ። እኛ ከዋጋው 5 በመቶውን ለ1 ዓመት ያዝን፤ መካኒኩ ከ3 ቀን ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከዚያ ላይ ይቀነሳል። የቡራዩው ሻጭ ይህን ሲሰማ ጥቂት አቅማምቶ ፈረመ። ባይፈርም ኖሮ ነጥቡ ሐሰት እንደነበር እናውቅ ነበር።

ነጥብ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። ሲሚንቶ፣ የአርማታ ብረት፣ ደረጃው የታወቀ ቆርቆሮ ስትገዙ ዕቃው ከማንም ቢመጣ አንድ ነው። ደረጃውን በር አድርጉና ከሚያልፉት ትንሹን ዋጋ ውሰዱ። እዚያ ላይ ነጥብ መጨመር የሚጠቅመው ማዳላት የፈለገን ሰው ብቻ ነው።

ጀነሬተሩ ከመጣ በኋላ ርክክቡን የፈጸምነው መብራቱን ሁሉ አብርተን፣ ማይኩን ከፍተን፣ በመጨረሻ ፓምፑን በማስነሳት ነው። ድምፁ ዝቅ አለና ተመለሰ፤ ውሃውም ወደ ሮቶው ወጣ። በማግስቱ የሰበታው ሻጭ መጥቶ «ትንሹ ጠቅላላ ወጪ የእኔ ሆኖ እንዴት ተሸነፍኩ?» አለን። ወረቀቱን አውጥተን መስመር በመስመር አሳየነው። የናፍጣው ቁጥር ላይ ተከራከረ፤ እሱው ራሱ ያስገባውን የአምራቹን ወረቀት አሳየነው። ከዚያ አገልግሎት የሚለው ላይ ጣቱን አስቀምጦ «መካኒክ ብቀጥር ኖሮ 5 ነጥብ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎን አልነው፤ ሰነዱም ሲሸጥለት ይህንኑ ይል ነበር። ያ 5 ነጥብ ቢኖረው 91 ይሆን ነበር፤ ያኔም ቡራዩ ይበልጠዋል፤ ሁለተኛ ዓመት ዋስትና ቢጨምርበት ግን 95 ሆኖ ያሸንፍ ነበር። ይህንንም አስልተን ነገርነው። የስሌቱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ሄደ።